ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ቀዩን ዘይት አይፈልግም

ጥያቄ፦ «መኪናዬ የ2010 ጎልፍ ነው፤ 2.0 ናፍጣ፣ ባለ 6 ማርሽ ዲኤስጂ። 126,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ የካምቢዮ ዘይቱን አልነካሁትም። አሁን ጅማ መርካቶ አካባቢ ከባጃጅ ኋላ ቀስ እያልኩ ስሄድ ይንቀጠቀጣል። አንዱ መካኒክ ‹አውቶማቲክ አይደል እንዴ፣ ቀዩን ዘይት እናድርግለት› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹የዚህ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አትንካው› አለኝ። የትኛውን ልስማ?»

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። የእርስዎ ካምቢዮ ዘይት ይቀየራል። የፋብሪካው መመሪያ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ስለዚህ እስካሁን ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት። የቀድሞው ባለቤት መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለዎት፣ አንድም ጊዜ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ይነሱ። ያገለገለ መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«ዕድሜ ልክ» ያሉዎት መካኒክ ከሜዳ አላመጡትም። ከሌላ ካምቢዮ ጋር አምታተውት ነው። በዲኤስጂ ስም የሚጠሩ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮዎች ብዙ ናቸው። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ፣ ለምሳሌ በ1.4 ቤንዚን፣ በብዛት የሚገኘው ባለ 7 ማርሹ ደረቅ ዓይነት ነው። የእሱ ፍሪሲዮኖች እንደ ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን በደረቁ ነው የሚሠሩት፤ ዘይት አይነካቸውም። ማርሾቹ ከ2 ሊትር ያነሰ ዘይት አላቸው፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያዘው ሜካትሮኒክ፣ ማለትም ኮምፒውተሩና ቫልቮቹ አብረው ያሉበት ክፍል፣ ደግሞ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ የራሱ ዘይት አለው። ፋብሪካው ለዚያ ካምቢዮ የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር አላስቀመጠም። የእርስዎ ግን እርጥቡ ነው። ሁለቱም ፍሪሲዮኖች፣ ማርሾቹም፣ ሜካትሮኒኩም በአንድ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚኖሩት። ጠቅላላው 7 ሊትር ገደማ ነው። ማርሽ መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ባለ 7 ሆኖ እርጥብ የሆነም አለ። እርግጠኛ ለመሆን የካምቢዮውን ኮድ ማየት ነው። ኮዱ የመጠባበቂያ ጎማ ማስቀመጫው ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ ቀዩ ዘይት ልምጣ። ስህተቱ የሚጀምረው «አውቶማቲክ» ከሚለው ቃል ነው። ሹፌሩ ዘንድ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ዲ ላይ አድርጎ ይነዳል። ውስጣቸው ግን አይገናኝም። በተለመደው አውቶማቲክ፣ በኮሮላ ወይም በድሮው ፕራዶ እንደምናውቀው፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሚንሸራተተው ዘይቱ ራሱ ነው፤ ውስጡ ያለው አንዱ ማራገቢያ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላውን ያዞራል። ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ማርሽ ሲለወጥ ለአፍታ ተንሸራተው ይያዛሉ፣ አለቀ። ቀዩ ዘይት የተሠራው ለዚህ ሥራ ነው። ለስላሳ አያያዝ እንዲኖር ተብሎ ማለስለሻ ቅመም ይጨመርበታል።

በእርስዎ ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተር የለም። ውስጡ ሁለት ማንዋል ካምቢዮ በአንድ ቤት እንደማለት ነው። አንደኛው ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛን፣ 5ኛንና የኋላ ማርሽን ይይዛል። ሁለተኛው 2ኛን፣ 4ኛንና 6ኛን። መኪናው በተነሳ ቁጥር የሚንሸራተተው ዘይት ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ነው፤ እንደ ማንዋል መኪና፣ ፔዳሉን የሚለቀው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ማርሾቹም የማንዋል ዓይነት ጥርስ ናቸው፤ ጥርስ ለጥርስ በኃይል ይጫናሉ። ማርሽ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያመጣጥኑት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶችም አሉ።

እንግዲህ አንዱ ዘይት ስንት ነገር እንደሚጠየቅ ያስቡት። ለጥርሶቹ ጠንካራ ሆኖ መከላከል አለበት። ለሲንክሮናይዘሩ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት መሆን የለበትም፤ ቀለበቱ ካልነከሰ ማርሹ ይጮሃል። ለፍሪሲዮኑ ደግሞ ሲንሸራተት ሳይንቀጠቀጥ ቀስ ብሎ እንዲይዝ ማድረግ፣ የሚፈጠረውን ሙቀትም ተሸክሞ መውሰድ አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ በሜካትሮኒኩ ጠባብ መንገዶች ውስጥ እንዲሄድ ቀጭን መሆን ይጠበቅበታል። ቀዩ ዘይት ቀጭንነቱን ያሟላል። በጣትዎ መሐል ቢያሹዋቸው ልዩነት አያገኙም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቀረውን ግን አያሟላም። ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን የሚጫንበትን ኃይል የሚያሰላው ዘይቱ የታወቀ የአያያዝ ጠባይ አለው ብሎ ነው። ጠባዩ ሲለወጥ ስሌቱ ይበላሻል። ይያዛል፣ ያመልጣል፣ እንደገና ይያዛል። እርስዎ ይህን መንቀጥቀጥ ይሉታል።

ቀለምንም መለያ አያድርጉት። ቀለሙ ፋብሪካው የጨመረው ማቅለሚያ ነው። መለያው ጣሳው ላይ የተጻፈው መስፈርት ነው፤ ለእርስዎ ካምቢዮ G 052 182 የሚል ይፈልጉ። የሌላ ኩባንያ ዘይትም ቢሆን ይህን ቁጥር ለይቶ ከጠቀሰ ይሆናል። «ለሁሉም አውቶማቲክ» የሚል ብቻ ከሆነ ይተዉት። «በውስጡ የማንዋል ማርሽ ካለ የማንዋል ዘይት እናድርግ» የሚል ካጋጠመዎትም እምቢ ይበሉ። የማንዋሉ ዘይት ለዚያ ሜካትሮኒክ በጣም ወፍራም ነው።

ዘይቱ ለምን ያረጃል? ፍሪሲዮኑ በተንሸራተተ ቁጥር ከልባሱ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ይለቃል። ፊልትሮው የሚይዘውን ያህል ይይዛል፣ የቀረው ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ሙቀቱ ደግሞ ቅመሞቹን ያደክማል። ሰው ሁሉ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን ረጅም መንገድ ይፈራል። እውነቱን ለመናገር ረጅሙ መንገድ ለዚህ ካምቢዮ ዕረፍት ነው፤ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ መንሸራተት የለም። የሚጎዳው ከግቤ ወንዝ ሽቅብ ሲወጡ ከተጫነ ሲኖትራክ ኋላ በሰው እርምጃ መሄድ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ እርስዎ የሚሉት ነው፤ መርካቶ ውስጥ ሦስት ሜትር እየሄዱ መቆም። ፍሬን ሲለቁ መኪናው በራሱ ሲሳብ ፍሪሲዮኑ እየተፋተገ ነው። ዳገት ላይ በነዳጅ ፔዳል መኪናውን ይዞ መቆም ደግሞ ልባሱን እንደማቃጠል ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ሲይዙ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ስለዚህ ከፊትዎ ያለው ባጃጅ በቂ ቦታ እስኪለቅ ፍሬን ይዘው ይቁሙና ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሂዱ።

በዚህ አነዳድ 60,000ን እስከ ጫፉ መጠበቅ አልመክርም። እኔ ለከተማ መኪናዎች በ50,000 እቀይራለሁ። ይህ የፋብሪካ ቁጥር አይደለም፤ ከጋራዡ ልምድ ያመጣሁት የራሴ ውሳኔ ነው።

ዘይቱን ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ አቀያየሩ ነው። አምና ክረምት ላይ አንድ ፓሳት ከአጋሮ መጣልኝ፤ ካምቢዮው ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። ባለቤቱ «ዘይቱን አስቀይሬያለሁ፣ ግን ባሰበት» አለኝ። ያስቀየረው ሌላ ቦታ ነው። መኪናውን ጉድጓዱ ላይ አቁሜ የማፍሰሻውን ታፖ ፈታሁ። ቀላ ያለ ዘይት ፈሰሰ፣ ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰ። ከዚያ ቀጥ አለ። ልጆቹ «አለቀ» አሉኝ። አላለቀም። በታፖው ቀዳዳ ውስጥ ወደ ላይ የቆመ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ሥራው የዘይቱን ልክ ማሳየት ነው፤ ከቱቦው አፍ በላይ ያለው ዘይት ብቻ በውስጡ አልፎ ይወርዳል። የቀረው ሁሉ ከቱቦው ውጪ ተኝቶ ይቀራል። ቱቦው በ8 አለን ቁልፍ ነው የሚፈታው። ያንን ስፈታው የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ቡናማ ዘይት ባልዲ ሙሉ ወረደ።

የተደረገው እንግዲህ ግልጽ ነው። ታፖው ተፈትቷል፣ ከቱቦው በላይ ያለው ትንሽ ዘይት ወርዷል፣ ሰውየው «ትንሽ ነው የሚይዘው» ብሎ በምትኩ ቀይ ዘይት ጨምሯል። ባለቤቱ የከፈለው ለሙሉ ቅያሪ ነው። ያገኘው ግን ያረጀ ዘይት ላይ የተደባለቀ የማይሆን ዘይት ነው። እርስዎም ጋራዥ ሲያስቀይሩ ከስር ቆመው የወረደውን መጠን ይዩ። ወደ 5 ሊትር ካልወረደ ዘይትዎ አልተቀየረም።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ስድስት ሊትር ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮና የታፖ ቀለበት አስቀድመው ይዘጋጃሉ። ሥራው ጠዋት ይሁን፣ መኪናው ሳይሞቅ። መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት፤ በአንድ ጎን በክሪክ የተነሳ መኪና ላይ ልኩ ይዋሻል። ፊልትሮው ከላይ ነው፣ በጥቁር ክዳን ውስጥ፤ የአየር ፊልትሮውን ቤት ካነሱ ይታያል። መጀመሪያ እሱ ይላላና ውስጡ ያለው ዘይት ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ ታፖውና ቱቦው ተፈትተው ዘይቱ ይፈስሳል። አሮጌውን ፊልትሮ አይጣሉት፤ በቢላ ሰንጥቀው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዩት። ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ከሆነ የፍሪሲዮን ዱቄት ነው፣ የሚጠበቅ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካለ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየተበላ ነው፤ ያንን ዘይት አያድነውም። የወረደውን ዘይት ደግሞ በጀሪካን ይሰብስቡት፤ ወደ አዌቱ የሚወርድ ቦይ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥ አይምረጡ።

ቱቦው ተመልሶ ሲገባ በጣም ቀስ ተብሎ ነው፣ 3 ኒውተን ሜትር ብቻ። ፕላስቲክ ነው፣ በጉልበት ከጠበቀ ይሰነጠቃል። ከዚያ ታፖው ለጊዜው ተዘግቶ 5.2 ሊትር ይገባል፤ አዲሱ ፊልትሮም ቦታውን ይይዛል። ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየቦታው፣ ከፒ እስከ ዲ፣ ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ይዞራል።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የዘይቱ ልክ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ የካምቢዮው ዘይት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ብቻ ነው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ከአዲስ አበባ ትኩስ በትኩስ የመጣ መኪና ታፖው ቢከፈት፣ ያበጠው ዘይት በቱቦው ብዙ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል። በጣም ቀዝቅዞ ከተለካ ደግሞ ይበዛል። ሙቀቱ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። የካምቢዮ ሙቀት የሚያነብ የምርመራ ማሽን የግድ ነው። ማሽኑ 35 ሲያሳይ ታፖው ይከፈታል፣ ትርፉ ይወርዳል፣ ጅረቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ በአዲስ ቀለበት ይዘጋል፣ በ45 ኒውተን ሜትር። ምንም ካልወረደ ጎድሏልና ይጨመር። እኔ ጋ 35 ከደረሰ በኋላ ጊዜው አጭር ነው፤ ለዚህ ነው ቁልፉም ባልዲውም ቀድሞ ስር መቀመጥ ያለበት።

ፓሳቱን ሁለት ጊዜ ነው የቀየርኩለት። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ከ7 ሊትር የሚወርደው 5.2 ገደማ ስለሆነ፣ 1.8 ሊትር አሮጌ ውስጥ ይቀራል፤ ሩብ ያህል ማለት ነው። ትክክለኛው ዘይት ላረጀበት ካምቢዮ ይህ አይጎዳም፣ ፋብሪካውም የሚጠብቀው ነው። የማይሆን ዘይት ከገባ ግን ሩቡ ብዙ ነው። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ድጋሚ ተቀየረ። የሩቡ ሩብ ሲቀር ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በማሽኑ የፍሪሲዮኑን መያዣ ነጥብ ኮምፒውተሩ እንደገና እንዲማር አደረግነው። የከተማው መንቀጥቀጥ ጠፋ። ጠዋት ቀዝቅዞ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲወጣ ግን እስካሁን ትንሽ ይሰማል። ለባለቤቱም ነግሬዋለሁ፤ አንደኛው ፍሪሲዮን ተጎድቷል፣ ያ በዘይት አይመለስም።

ለእርስዎ የምለው ይህ ነው። ቀዩን አያስገቡ፣ በትክክለኛው ዘይትና በአዲስ ፊልትሮ አሁኑኑ ያስቀይሩ። የእርስዎ ላይ የተሳሳተ ዘይት ካልገባበት አንድ ቅያሪ ይበቃል። ከፊልትሮው ክዳን አጠገብ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው ይለጥፉ። ከመቀየርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ከለውጡ በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል። ባዶ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በ1ኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ከዚያም የኋላ ማርሽ አስገብተው እንዲሁ ያድርጉ። በሁለቱም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው አንደኛው ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚይዛቸው እሱ ነውና። ቆሞ በኤን ላይ እያለ ከሞተርና ካምቢዮ መገናኛ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ደግሞ የባለ ሁለት ክፍሉ ቮላኖ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የማርሽ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም የኋላ ማርሽ ወይም 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ በአንድ ላይ ከጠፉ፣ መጀመሪያ ማሽን ተሰክቶ ኮዱ ይነበብ። በዚያ ሁኔታ ሙሉ የዘይት ወጪ አውጥቶ መጀመር ልክ አይደለም።

ተቀይሮ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መንቀጥቀጡ እንደነበረ ከቀጠለ፣ ሌላ ዘይት አይግዙ። ፍሪሲዮኑ ይመርመር፤ የሚቀጥለው ገንዘብዎ ወደዚያ ነው የሚሄደው።